አንድ ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ

አማቴ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ቴሌቪዥን ለመክፈት ግን ማንንም አይጠሩም ነበር። ሪሞቱን ይዘው ማብሪያውን ይጫናሉ፣ ቀጥሎ የቤት ስዕል ያለበትን ቁልፍ ይጫናሉ፣ ከዚያ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። አንድ ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ፣ ከዚያ መሃሉን መጫን። የመካ የቀጥታ ስርጭት ይከፈትና እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ።

ቁጥሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኛ ቤት በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ላስለያቸው ሞክሬ እኔም እሳቸውም ተናደድን። በማግስቱ ጽሑፉን ትቼ ቁጥር ሰጠኋቸው። እዚህ አካባቢ እናቱን ያመጣ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እናቶቻችን ስክሪኑን አያነቡትም፤ በቃላቸው ያዙታል። በሁለተኛው ሳምንት እኔ የጠፋብኝን ፕሮግራም እሳቸው ይፈልጉልኝ ጀመር። ሐጅ ያደረጉ ሴት ስለሆኑ ሰው ሁሉ ሐጃ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

ሥራዬ ቨርጂኒያ ውስጥ ላለ አንድ ድርጅት የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያና በስልክ የሚከፈት የበር ቁልፍ መፈተሽ ነው። አዲሱ ሶፍትዌር ሰው ቤት ከመድረሱ በፊት እኔና ባልደረቦቼ ልናበላሸው እንሞክራለን፤ አልበላሽም ብሎ እምቢ ካለን ይላካል። ብዙውን ቀን የምሠራው ከቤት ነው። ይህን ለአማቴ ሳስረዳቸው፣ «ሰው ቤት ያለውን ዕቃ እዚህ ተቀምጣችሁ ትቀይሩታላችሁ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ ኮራ ብዬ።

«ባለቤቱ ሳያውቅ?»

«አንዳንዴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ያች መልስ በኋላ ምን እንደምታመጣብኝ ባውቅ ኖሮ የባንክ ጸሐፊ ነኝ ብዬ አርፍ ነበር።

ጠባችን የጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው። እኔ ፎቅ ላይ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ እሳቸው ታች መንዙማ ከፍተዋል፤ ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብድ ቤቱ ይናወጣል። አለቃዬ «ሙዚቃው ከየት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ተናደድኩና ደረጃው ላይ ቆሜ ጮህኩ። «ሐጃ! አንድ ቀን ይሄን ቲቪ እንደማይከፈት አድርጌ ነው የማስተካክለው!» አልኩ። ከእናት ጋር እንዲህ አይነገርም። ማታ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ እሳቸውም «አውፍ ብያለሁ» አሉኝ። የምር ያሉኝ መስሎኝ ነበር።

አርብ ከጁምአ በኋላ ጓደኞቻቸው መጡ። ሰባት ሴቶች፣ ከታኮማ ፓርክም ከሎረልም የመጡ፣ ለዱአ። አማቴ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነው ለዚህ ቀን የተዘጋጁት። ዱአው ከመጀመሩ በፊት የመካን ስርጭት ሊያሳዩአቸው ነበር። ከእነዚያ ሴቶች መሃል ሌላ ሰው ሳይጠራ ቴሌቪዥን የሚከፍት የለም፤ እሳቸው ግን ይችላሉ፤ ይህንንም ሊያሳዩአቸው ፈልገዋል። እኔ ፎቅ ላይ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ድንገት ከታች የጭፈራ ዘፈን መጣ። ከዚያ የሴት ሳቅ፤ ከእኛ ሴቶች የአንዳቸውም ሳቅ አልነበረም።

ስወርድ ስክሪኑ ላይ መዋኛ ገንዳ ውስጥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቃቅፈው ይሳሳማሉ። የለበሱት ነገር ለሁለቱም ተደምሮ አንድ መሃረብ አይሞላም። በጎን የቢራ ማስታወቂያ አለ። ሰባቱ ሴቶች አንገታቸውን ሰብረው ምንጣፉን ያያሉ። አማቴ መሃል ቆመው «ቢስሚላህ» ብለው የቤት ስዕል ያለበትን ተጫኑና እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠሩ። አንድ ወደ ታች። ሁለት ወደ ቀኝ። መሃሉን። ሁለቱ ሰዎች ተመልሰው መጡ፤ ከበፊቱ ይልቅ ተጠጋግተዋል።

እኔም ሳቅሁ። ደንግጬ ነው። ስደነግጥ የምስቅ ሰው ነኝ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ከንፈሬን ነክሼ ነው የምቀመጠው። አንዲት አጭር ሳቅ ነበረች፤ ግን ስምንቱም ሰሟት። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልኩ።

ዱአው ቶሎ አለቀ። እንግዶቹ ጫማቸውን ሲያደርጉ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። በሩ ሲዘጋ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አሉ።

«ሐጃ፣ ወላሂ እኔ አልነካሁትም።»

«በአላህ ስም አትማዪ! ቁጥሩን የምናውቀው እኔና አንቺ ነን። አስተካክለዋለሁ ያልሺኝ አንቺ ነሽ። ሰው ቤት ያለውን ዕቃ ባለቤቱ ሳያውቅ የምትቀይሪ አንቺ ነሽ። የሳቅሽውም አንቺ ነሽ።»

እያንዳንዱ እውነት ነው። ቢደረደር ዳኛ ፊት የሚቆም ክስ ነው። እኔም የነበረኝ መልስ «አላደረግኩም» የሚል ብቻ ነበር።

ባለቤቴ የከተማ ባስ ሾፌር ነው። ከሥራ ሲመለስ እናቱ ክፍላቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኩት። ሰማኝና፣ ቀስ ባለ ድምፅ፣ ትኬቱን እንደጣለ ተሳፋሪ እያግባባኝ፣ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ ነካክተሽው ነበር እንዴ?» አለኝ።

አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። እናቱ ቢጠረጥሩኝ ዕድሜያቸውም ውርደታቸውም ነው፤ ችዬዋለሁ። የእሱ ግን ሆዴ ውስጥ ገባ። «አልነካሁም» አልኩት። «እሺ» አለ። ያቺን «እሺ» አውቃታለሁ። ለማያምነው ሰው ሁሉ የሚላት ናት።

ቅዳሜ ጠዋት የባለቤቴ እህት ከአሌክሳንድሪያ መኪናዋን ይዛ መጣች። አማቴ ሁለት ሻንጣቸውን አስጭነው፣ ደህና ዋዪ ሳይሉኝ ሄዱ። ሰፈሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰማ። አማቷን በቲቪ አባረረቻቸው ተባለ። ለምን እዋሻለሁ፣ ስሜ እንደዚህ ሲነሳ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

የሄዱ ዕለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሶኬቱን መልሼ ሰካሁና እንደ ሥራዬ አድርጌ መፈተሽ ጀመርኩ። ቴሌቪዥኑን ስንገዛ፣ በልማድ፣ የሶፍትዌሩን ቁጥር የሚያሳየውን ገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሳይ ቁጥሩ ሌላ ነው። አፕዴት ተደርጓል። እንደዚህ ያለ ቲቪ በሪሞት ስታጠፋው አይጠፋም፤ ያንቀላፋል እንጂ። ሶኬቱና ዋይፋዩ እስካሉ ድረስ ከአምራቹ ጋር ይነጋገራል፣ አዲስ ነገር ካለ ያወርዳል፣ ማንም በማያየው ሰዓት ራሱ ላይ ይጭናል። ሐሙስ ማታ አጥፍተነው ተኛን፤ አርብ የተነሳው ሌላ ቲቪ ነው። መልኩ ያው፣ ሪሞቱ ያው፣ ግድግዳው ያው።

ምን ቀየራችሁ ብዬ ማብራሪያውን ከፈትኩ። «የአሠራር መሻሻልና ጥቃቅን እርማቶች» ይላል። በቃ። ሁለቱ ሰዎች መዋኛ ገንዳው ውስጥ ያሉት እንግዲህ ጥቃቅን እርማት ናቸው። ያደረጉት ምን መሰላችሁ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ በላይ አዲስ ረድፍ ጨምረዋል። አምራቹ ራሱ በነጻ የሚያሳያቸው፣ ማስታወቂያ የሚሸጥባቸው ቻናሎች ናቸው። አፖቹ ያሉበት ረድፍ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረደ። ስለዚህ አንድ ወደ ታች፣ ሁለት ወደ ቀኝ ሲባል፣ ድሮ መካ በነበረበት ቦታ ያ የመዋኛ ገንዳው የፍቅረኞች ውድድር ተቀምጧል። ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ልዩነቱን አይቶ አንድ ጊዜ ጨምሮ ይጫናል። በቃሉ የሚቆጥር ሰው ግን ገደል ይገባል። በዚያው የምናየውን ሁሉ ለአምራቹ የሚያሳብቀውን ሴቲንግ፣ ያኔ ስገዛ ያጠፋሁትን፣ መልሰው አብርተውት አገኘሁ።

ለድርጅቱ በቻት ጻፍኩ። ቴሌቪዥንዎ ወቅታዊ ነው፣ እንኳን ደስ አለዎት አሉኝ። ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወርኩት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴም መናገር አለብኝ። ያችን «የአሠራር መሻሻል» የምትል መስመር እኔም ጽፌያታለሁ፣ ብዙ ጊዜ። ሰውን ብትጠይቀው «በኋላ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል፤ በሩን ሌባ የሚከፍትበት ቀዳዳ ሳይደፈን ይከርማል። ስለዚህ ሳንጠይቅ እንልካለን። ቀዳዳ ለመድፈን በተከፈተው በር ግን ሌላም ይገባል፤ ማስታወቂያም ይገባል፣ ረድፍም ይጨመራል። እስከዚያ ቀን ድረስ ወዲያ ማዶ ሪሞት ይዛ የምትቆጥር አሮጊት አስቤ አላውቅም። ይህን ሳስብ አፈርኩ።

ባለቤቴ ሲገባ አስቀመጥኩትና ሁሉንም አሳየሁት። ፎቶውን፣ አዲሱን የሶፍትዌር ቁጥር፣ አዲሱን ረድፍ። ሪሞቱን ሰጥቼው በራሱ እጅ አስቆጠርኩት። «አየህ፣ አሁን ሁለት ወደ ታች ነው፣ ሁለት ወደ ቀኝ» አልኩት። ቆጠረ፣ መካ ተከፈተ።

«ገባኝ» አለ።

«እንግዲያው ለእማዬ ንገራቸው። ወይ ውሰደኝና እኔ ልንገራቸው።»

«ትንሽ ይብረድላት» አለ። «አሁን ብንሄድ የተጨቃጨቅን ይመስላታል። እኔ ራሴ አወራታለሁ።»

በእኛ ዘንድ ጥፋተኛ የተባለች ምራት ብድግ ብላ አማቷ ዘንድ አትሄድም፤ የሚያስታርቅ ሰው ይዟት ይሄዳል። ሰውየው ደግሞ ልጃቸው ነው። ስለዚህ ጠበቅኩ።

ሌላም የምጠብቀው ነገር ነበረኝ። እንዲህ ያለ አፕዴት ለሁሉም ቤት በአንድ ቀን አይላክም። መጀመሪያ ለጥቂት ቤቶች ይላካል፣ ችግር ካልመጣ ለብዙዎች፣ ቀስ በቀስ ለሁሉም። እኛም መሥሪያ ቤት እንደዚሁ ነን። የአሌክሳንድሪያው ቴሌቪዥን ደግሞ የእኛው መንታ ነው፤ እህቱና እኛ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት ነው የገዛነው። አማቴ እዚያም በዚያው ቁጥር ነው የሚከፍቱት። ስለዚህ ዛሬ ካልሆነ በሚቀጥለው ሳምንት፣ ማንም ሳይነካው፣ እኔ በሌለሁበት ቤት፣ ያ መዋኛ ገንዳ ይከፈትባቸዋል። ያኔ ያምኑኛል። ከሰላት በኋላ እጄን ዘርግቼ ለአንድ ቴሌቪዥን ዱአ ያደረግኩ ሴት ነኝ፤ ከእኔ በፊት ያደረገ ካለ ይንገረኝ።

ሁለት ሳምንት አለፈ፤ ሦስት አለፈ። ባለቤቴን «እማዬ ምን አሉ?» እለዋለሁ። «ደህና ናት» ይላል። «ቲቪያቸውስ?» «ምን ሆነ?» ይላል። እህቱ ጋ ደወልኩ፣ አላነሳችም። አፕዴቱን አቁመውት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቅሬታ ሲበዛ የሚያቆሙበት ጊዜ አለ። በቃ፣ ዕድሜ ልኬን ጥፋተኛ ሆኜ ልቀር ነው አልኩ። ስብሰባ ላይ አዲስ አፕዴት «ይላክ?» ተብሎ ሲጠየቅ እጄን የማነሳው ከሁሉም በኋላ ሆነ።

በአምስተኛው ሳምንት ሥጋ ቤት ተሰልፌ፣ የዱአው ዕለት ከሎረል መጥተው የነበሩትን ሴትዮ አገኘኋቸው። ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ምነው ልጄ ጨከንሽ? ሐጃ ጉልበቷን እያመማት ነው። አንቺን ነው የምታነሳው» አሉኝ። አስታራቂም አልጠበቅኩ። ሥጋውንም አልገዛሁ። መኪናዬን አስነስቼ ቤልትዌዩን፣ የቀለበት መንገዱን፣ ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ገባሁ።

እህቱ ሥራ ላይ ነበረች። በሩን የከፈቱልኝ አማቴ ራሳቸው ናቸው። ቀጥነዋል። «ግቢ» አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ። እሳቸው ሪሞቱን አነሱ። አይኔ እጃቸው ላይ ቀረ። ማብሪያውን ተጫኑ። የቤት ስዕል ያለበትን ተጫኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

ሁለት ወደ ታች። ሁለት ወደ ቀኝ። መሃሉን።

መካ ተከፈተ።

«ሐጃ» አልኩ። «አንድ አልነበረም እንዴ ወደ ታች?»

«ነበር። እዚህም እንደዚያው ሆነብኝ እኮ። ማንም ሳይነካው። ያቺው የፈረደባት ሴትዮ፣ ያው ገንዳ!» ብለው አፋቸውን ያዙ። «እኔም ጮህኩ። ልጄ ነው በስልክ አዲሱን ቁጥር የሰጠኝ።»

«መቼ?»

«ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሲሆነኝ።» ፊቴን ሲያዩ ሪሞቱን አስቀመጡት። «ሚስቴ አይደለችም፣ ከፋብሪካው ነው አለኝ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በአላህ ስም አትማዪ እስከ ማለት ደርሼብሽ! አውፍ በይኝ ብላለች በላት፣ ነገ ይዘኻት ና አልኩት። አልመጣሽም። ቀጥሎም ላክሁብሽ። ገና አልበረደላትም አለኝ። እውነቷን ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ለእኔ «ትንሽ ይብረድላት» ይለኛል። ለእሳቸው «አልበረደላትም» ይላቸዋል። የሰጣቸው ቁጥር ደግሞ እኔ ሶፋችን ላይ አስቀምጬ በእጁ ያስቆጠርኩት ነው።

«አልነገረሽም?» አሉኝ አማቴ።

«አልነገረኝም።»

ጎናቸው ሳቡኝና ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አደረጉት። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸውም ልጃቸውን ሊረግሙ አፋቸውን ከፍተው ወላድ ናቸውና ተዉት።

ከደጅ ወጥቼ ደወልኩለት። የምሳ እረፍቱ ነበር፣ ባሱ ውስጥ ብቻውን ነበር። አሌክሳንድሪያ ነኝ አልኩት። ገብቶታል።

«ለምን?» አልኩት።

«ነገሩ አልፏል ብዬ ነዋ።»

«ማንን ነው ያለፈው?»

«እዚያ ተመችቷታል» አለ። «አንቺም ስብሰባሽን በሰላም ትሠሪያለሽ። ቤት ስገባ የሚጮህ የለም፣ መሃል ገብቼ የምዳኘው የለም። ሁለታችሁም ዝም ስትሉ፣ ምን ልበልሽ፣ አረፍኩ። ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነበር። ልነግርሽ ነበር።»

ሌላ ሴት ነበረችኝ ቢለኝ ምን እንደምለው አውቃለሁ። ለዚህኛው ቃል አልነበረኝም። ስልኩን ዘጋሁና የመኪናዬ በር ላይ ተደግፌ ቆምኩ። አምስት ሳምንት ጥፋተኛ ሆኜ ከጎኑ ተኝቻለሁ። ሌሊት ስገላበጥ እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ «ተዪው፣ ይቅር ትልሻለች» ይለኝ ነበር። ከአምስቱ ሳምንት ሦስቱን፣ ያ እጅ፣ እናቱ ጥፋተኛ አለመሆኔን አውቀው እንደሚጠሩኝ ያውቃል።